መደምደሚያ ሆኖ የተጻፈ መግቢያ፦ ስለ ምዕራፍ አምስት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አማካሪዬ ምዕራፍ አምስትን «ይህ መግቢያህ ነው፤ መደምደሚያህ የታለ?» ብለው መለሱልኝ። የማስተርስ ጥናቴ የዘጠነኛ ክፍል የአማርኛ መምህራን ለተማሪዎች ድርሰት በሚሰጡት ምጋቤ ምላሽ፣ ማለትም እርማትና አስተያየት ላይ ነው። አጀማመሬ እንዲህ ይላል፦ «ጽሕፈት ከአራቱ የቋንቋ ክሂሎች አንዱ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማም መምህራን የሚሰጡትን ምጋቤ ምላሽ መፈተሽ ነበር።» ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች መረጃ ለመሰብሰብ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄድዎ በፊት ሊጻፉ ይችሉ ነበር። የመጀመሪያው ከጥናቱ ዳራ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ነው» ወደ «ነበር» ተለውጦ ከፕሮፖዛሉ የተገለበጠ ይመስላል። ረቂቁን አትመው ከመረጃው በፊት ሊጻፍ ይችል የነበረውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በእርሳስ ይሰርዙ፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት ገጽ የሚተርፈው ግማሽ ገጽ ነው። ከዚያ ከምዕራፍ አንድ የጥናቱን ጥያቄዎች ብቻ በባዶ ወረቀት ላይ ገልብጠው ምዕራፉን ይዝጉትና፣ ግኝቶቹ ያሉበትን ምዕራፍ አራትን አጠገብዎ አድርገው በእያንዳንዱ ሥር የአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ይጻፉ። ጥያቄዎችዎንና ያገኙትን ቢነግሩኝ አብረን እንሞክረው።

ጥያቄ፦ ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው፦ መምህራኑ ምን ዓይነት ምጋቤ ምላሽ ይሰጣሉ? ተማሪዎቹ ምን ያደርጉበታል? የመጻፍ ችሎታቸውንስ አሻሽሏል? የታረሙ 60 ድርሰቶችን አየሁ፤ እርማቱ በአብዛኛው የፊደል ግድፈትና ሥርዓተ ነጥብ ነው። ተማሪዎቹ ማርኩን አይተው ደብተሩን እንደሚዘጉ ነገሩኝ። ከእያንዳንዱ ተማሪ የሰበሰብሁት አንድ ድርሰት ብቻ ነው።

መልስ፦ ለመጀመሪያው እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «በተጠናው ትምህርት ቤት መምህራን የሚሰጡት ምጋቤ ምላሽ በአብዛኛው በፊደልና በሥርዓተ ነጥብ እርማት የተወሰነ ሲሆን፣ የሐሳብ አደረጃጀትን የሚመለከተው ጥቂት ነው።» ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው «ይህ ጥናት» በሚለው ሳይሆን በተጠናው ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ። ለሁለተኛው፦ «ተማሪዎቹ ምጋቤ ምላሹን ውጤታቸውን ለማወቅ እንጂ ድርሰታቸውን መልሰው ለመጻፍ እንደማይጠቀሙበት ገልጸዋል።» «ገልጸዋል» ያልሁት ሲያደርጉት ስላላዩ፣ ያለዎት የእነሱ ቃል ብቻ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ላይ መግቢያው ተመልሶ የሚገባበት ምክንያት ይታየኛል፤ መልስ በሌለበት ቦታ ጸሐፊው የርእሰ ጉዳዩን ጠቃሚነት ይደግማል። መሻሻልን ለማወቅ ቢያንስ ከምጋቤ ምላሹ በፊትና በኋላ የተጻፉ ሁለት ድርሰቶች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ «ከእያንዳንዱ ተማሪ የተሰበሰበው አንድ ድርሰት በመሆኑ፣ ጥናቱ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት አልቻለም» ብለው በግልጽ ይጻፉት።

አስተያየት ከሌላ አባል፦ እኔ ባለፈው ዓመት ተመርቄያለሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ ከምዕራፍ አንድ መሰረዝ ይቀላል። ደግሞም መደምደሚያ ላይ መቶኛዎቹ ሁሉ መደገም አለባቸው።

መልስ፦ በቁጥሩ ጉዳይ በከፊል ልክ ነዎት፤ ቦታቸው ግን ምዕራፉ የሚጀምርበት ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያው የተገኘውን ያሳጥራል፤ መደምደሚያው ግን ከተገኘው በመነሣት ለጥያቄው ምን ማለት እንደሚቻል ይናገራል። ስረዛውን በተመለከተ፣ ጥያቄን ከአማካሪ ጋር ተስማምቶ ማጥበብ ነውር የለውም። ተደብቆ ሲደረግ ግን ዝርዝር ዓላማው፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝቱና በአባሪው ያለው መጠይቅ ስለ መሻሻል መናገራቸውን ስለሚቀጥሉ፣ ፈታኙ የጎደለውን ጥያቄ ያገኘዋል። ማጥበቡ ይሻላል ወይስ መልስ እንዳልተገኘ መጻፉ በሚለው ላይ ፈታኞች አንድ አይደሉም፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ጥናቴ ዓላማ እንጂ ጥያቄ የለውም። ታዲያ መግቢያዬን ላሳጥረው?

መልስ፦ መግቢያዎን አይንኩት፤ የተነጋገርነው ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ነው። «የከተማዋን ገበያ ዕድገት መመርመር» የሚለውን ዓላማ «ገበያው መቼና ለምን አደገ?» ብለው ለራስዎ ይጠይቁና ለዚያ መልስ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ፤ የመፍትሔ ሐሳቡንስ? «ለመምህራን ሥልጠና ይሰጥ» ብዬ ነበር።

መልስ፦ መምህራኑ ሥልጠና እንደሚያንሳቸው የሚያሳይ ግኝት አለዎት? ከነገሩኝ ውስጥ የለም። ያለዎት ተማሪዎቹ ታርሞ የተመለሰውን ድርሰት መልሰው አለመጻፋቸው ነው። ስለዚህ «በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ድርሰት በአስተያየቱ መሠረት እንደገና ተጽፎ ይታረም፤ ማርኩም ከሁለተኛው ረቂቅ በኋላ ይሰጥ» የሚለው ከጥናትዎ የወጣ ይሆናል።