ሰሜን ኖዴ የት ነው? ስለ ጨረቃ ኖዶች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሐምሌ 5 ቀን 1986 ከጠዋቱ 2 ሰዓት አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት። አፑ «ሰሜን ኖድህ ሐመል ላይ ነው፣ ራስህን አስቀድም» ይለኛል። እኔ እንደሆነ ድሮም የማስቀድመው ራሴን ነው።

መልስ፦ ቀኑን ሳትቀይር አስገብተኸዋል። አፑ 11ኛውን ወር ኖቬምበር አድርጎ በ1986 ፈረንጅ አስልቶልሃል፤ ልደትህ ግን ጁላይ 12 ቀን 1994 ነው። ኖድ ማለት የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ የሚያቋርጥበት ነጥብ ነው፤ በዓመት 19 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ በዚያ ስህተት አምስት ኮከብ ያህል ይሸሻል። ትክክለኛው ሰሜን ኖድህ፣ ልታድግበት የሚጠራህ አቅጣጫ፣ አቅራብ 21ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደቡቡ ትይዩ ሰውር ላይ።

ሰዓቱንም 08:00 ብለህ አስገባ። 02:00 ብትል ኖዱ ንቅንቅ አይልም፣ ቤቱ፣ ማለትም የሚነካው የሕይወት ዘርፍ፣ ግን ይለወጣል። በሙሉ ኮከብ አቆጣጠር ሰሜኑ 4ኛ ቤት፣ የቤተሰብ ቤት ነው፤ በተሳሳተው ሰዓት ግን 7ኛ ላይ ይወድቅና ስለ ትዳር ሲተረክልህ ትውላለህ።

ጥያቄ፦ ደቡብ ኖድ መጥፎ ልማድ ስለሆነ መተው አለበት አይደል? እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት።

መልስ፦ ልማድ መሆኑ ልክ ነው እህቴ፣ መጥፎነቱን ግን አልቀበልም። ስንጨነቅ ሳናስበው የምንሸሽበት ቦታ ነው፤ የምንሸሽበትም ስለምንችለው ነው። የላይኛውን ወንድም እንይ፦ ሰውር በ10ኛ ቤት ማለት ቋሚ ሥራ፣ የታወቀ ደመወዝ። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሳ ቢሮ ያመሻል፣ ገንዘብ ይሰጥና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አቅራብ በ4ኛ ቤት ደግሞ የሚጠይቀው ያንን የተሸፈነ ነገር ነው፦ የውርስ ክርክር፣ የተደበቀ ዕዳ፣ የቆየ ቂም። ቁጭ ብሎ መነጋገር።

ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። «ወደ ሰሜኑ ልሂድ» ብለው ሥራቸውን ይለቃሉ፤ መቆሚያ ሲያጡ ከበፊቱ ብሰው ወደ ልማዳቸው ይመለሳሉ። የሰውርን ትዕግሥት ይዞ ወደዚያ ንግግር መግባት ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ በአውደ ነገሥት ኮከቤ ሚዛን ነው። ሰሜን ኖዴ ሚዛን ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም አባቴ። ያኛው የእርስዎና የእናትዎ ስም ፊደላት ተደምረው ለ12 ሲገደፉ በሚቀረው ቁጥር የሚገኝ ነው፤ ኖድ ግን እንዳልኩት የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ የሚያቋርጥበት የሰማይ ነጥብ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ይምታታሉ። የልደት ቀንዎን ይላኩልኝ።

ጥያቄ፦ አንዱ አፕ Mean Node፣ ሌላው True Node ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ Mean የኖዱ አማካይ ቦታ ነው፣ True ደግሞ በዚያ ሰዓት የነበረበት ቦታ። ልዩነታቸው ከሁለት ዲግሪ በታች ስለሆነ ኖድሽ ኮከቡ መሃል ላይ ከሆነ ግድ የለሽም። ጫፍ ላይ ከሆነ ግን አንዱ አቅራብ ሲልሽ ሌላው ሚዛን ሊልሽ ይችላል። እኔ True እይዛለሁ፤ Mean የሚይዙ ጎበዞችም አሉ፣ ክርክሩ አልተቋጨም። እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም አንብቢና በጭንቅ ጊዜ የምትሸሺበት የትኛው ደቡብ እንደሆነ ተመልከቺ።