«ተበላሁ» ያለ ልጅ በጋዜጣ ምን ብሎ ይውጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር፣ ደብረ ብርሃን ነው ምሰራው፣ ጀማሪ ሪፖርተር ነኝ። ስራ እናስገኛለን እያሉ ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች ባጃጅ ተራ ላይ አንድ ልጅ ሳናግር እንዲህ አለኝ፦ «ባክሽ ተበላሁ እኮ፣ ጀለሴ ነበር፣ ሽቀላ አለ ብሎኝ ጨላዬን ላፍ አርጎ ላሽ አለ። ፋዘር ሲሰማ ጨሰብኝ። ነቄ አልነበርኩማ፣ ፋራ ሆንኩ በቃ።» አዘጋጁ እንዲህ አስተካክሎ አወጣው፦ «ተዘርፌያለሁ። ጓደኛዬ የሥራ ዕድል መኖሩን በመግለጽ ገንዘቤን ነጥቆ ተሰወረ። አባቴም ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ። ግንዛቤ ያልነበረኝ ኋላቀር በመሆኔ ነው።» ልጁ አንብቦ «እኔ እንደዚ አላልኩም» ብሎ ተጣላኝ። ማናቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ ልጁ ነው ልክ። አዘጋጁም ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ያራዳ ቋንቋን እንደ ብር ልመንዝረው ብሎ ነው፣ መቶ ብር ሰጥቶ ሁለት ሃምሳ እንደመቀበል። እዚህ ላይ ግን አይሰራም።

«ተበላሁ»ን እንየው እስቲ። ልጁ በዚች ቃል የነገረሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የኔ የነበረ ነገር በማይሆን መንገድ ከእጄ ወጣ ነው ሚልሽ። እንዴት ወጣ ሚለውን ቃሉ ራሱ አያውቀውም። ቁማር የተሸነፈም ተበላሁ ይላል፣ ታክሲ ውስጥ ኪሱን የተዳበሰም ተበላሁ ይላል፣ የሁለት መቶ ብር ጫማ በአምስት መቶ የገዛም ያው ተበላሁ ነው። የጋዜጣ አማርኛ ደሞ በተቃራኒው ነው፣ እንዴት ሚለውን ሳትመርጪ ግሱን ራሱ አታገኚውም። ተሰረቅኩ ካልሽ ሳያይ ተወስዶበታል፣ ተዘረፍኩ ካልሽ ጉልበት ወይ ማስፈራራት አለበት፣ ተታለልኩ ካልሽ ራሱ አምኖ ሰጥቷል። እና ይሄ የቃል ማሳመር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆትን፣ ውንብድናን፣ እምነት ማጉደልንና አታላይነትን በየራሳቸው አንቀጽ ነው ለያይቶ ያስቀመጣቸው፣ ቅጣታቸውም አንድ አይደለም። አዘጋጁ «ተዘርፌያለሁ» ብሎ ሲጽፍ ያንን ጀለስ ከአታላይነት አንስቶ ወንበዴ አረገው ማለት ነው፣ ያውም በልጁ አፍ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ጀለስየው ማን እንደሆነ ባጃጅ ተራው በሙሉ ያውቃል፣ ልጁ የተቆጣው ለዚህ ይመስለኛል።

«ላፍ» ላይም ያው ችግር ነው። ላፍ አደረገ ሲባል መንጠቅ ይመስላል፣ አንዳንዴም ነው፣ ግን ልጆቹ በፍጥነት የሄደን ገንዘብ ሁሉ ላፍ ነው ሚሉት። «ላሽ አለ» ደሞ ሄደ፣ ሹልክ አለ፣ ጠፋ፣ ሁሉንም ይሆናል። «ተሰወረ» ስትዪ ግን ፖሊስ ሚፈልገው ሰው ይመስላል፣ ልጁ እንደሱ አላለም።

ስለዚህ እንዲህ አይነት ቃል ሲገጥምሽ መዝገበ ቃላት ከማገላበጥሽ በፊት ልጁ ጋ ደውዪ። ስትደውዪ ግን ቃሉን አትጠይቂው፣ «ላፍ ማለት ምን ማለት ነው?» ካልሽው ይስቅብሻል እንጂ አይነግርሽም፣ ሙድ ሁሉ ሊይዝብሽ ይችላል። ድርጊቱን ጠይቂው፦ ብሩን አንተ ሰጠኸው ወይስ እሱ ወሰደብህ? ስትሰጠው ለምን ተብሎ ነው? ከዛ በኋላ ስልክ ያነሳል? «ለመመዝገቢያ ብሎኝ በእጄ ሰጠሁት፣ አሁን ስልኩ አይሰራም» ካለሽ ግሶችሽ ተታለልኩ፣ ተቀበለኝ፣ ጠፋ ናቸው። «ከኪሴ መዞ ሮጠ» ካለሽ ደሞ ነጠቀኝ ልክ ነው፣ ግን ያኔ የስራው ወሬ ለምን እንደመጣ ሌላ ጥያቄ ይኖርሻል።

የመጀመሪያው ነው እንበልና እኔ ብሆን እንዲህ ነበር ማወጣው፦ «ተታለልኩ እኮ። ጓደኛዬ ነበር፤ ሥራ አለ ብሎ ገንዘቤን ተቀበለኝና ጠፋ። አባቴ ሲሰማ በጣም ተቆጣኝ። አልነቃሁም ነበር፤ ‹ፋራ› ሆንኩ በቃ።»

«ነቄ» ራሱ ከነቃ የመጣ ስለሆነ ስሩን ይዘሽ መመለስ ነው፣ ግንዛቤ ምናምን ያስገባው አዘጋጁ ነው፣ ግንዛቤ የስብሰባ ቃል ነው፣ ባጃጅ ተራ ላይ ማንም አይለውም። «እኮ» እና «በቃ»ን ያልነካኋቸው አውቄ ነው፣ ያራዳ ቋንቋ አይደሉም፣ አማርኛ ናቸው፣ ልጁ ሚሰማው በነሱ ውስጥ ነው። «አርጎ»ን አድርጎ፣ «ሚባል»ን የሚባል፣ «መቶ»ን መጥቶ ማድረግ ግን ማንንም ሳታስፈቅጂ ነው፣ እሱ የአጻጻፍ ነገር ነው፣ ሀሳቡን አይነካም። (እኔ ራሴ እዚህ እንዴት እንደምጽፍ አትዪብኝ፣ ይሄ ጋዜጣ አይደለም።)

«ፋራ»ን ትቼዋለሁ። አዘጋጁ «ኋላቀር» አለው፣ ሌላ ሰው «ገጠሬ» ይለው ነበር፣ ሁለቱም እኛ አገር ላይ ከባድ ናቸው፣ አንባቢሽ እኮ ግማሹ ከገጠር ገበያ ሚወጣ ሰው ነው። ልጁ ራሱን ሰደበ እንጂ ገጠርን አልሰደበም። «ሞኝ» ብትዪው ያስኬዳል፣ ግን ፋራን ማያውቅ አንባቢ ስለሌለ ባለበት ይቆይ። ከአንድ ጥቅስ አንድ ቃል እንደዚህ ብትተዪ አይጎዳም፣ ሶስት ከሆነ ግን አዛውንቱ አንባቢ ጋዜጣውን ያስቀምጠዋል።

አባትየው ላይ ደሞ፣ ልጁ «ጨሰብኝ» ነው ያለው፣ ጨሱብኝ አላለም። ቤታቸው አንተ ይባባሉ ይሆናል፣ ሸዋ ውስጥ አባቱን አንቱ ሚልም አንተ ሚልም ቤት አለ። ጥቅሱ ውስጥ እንዳለው ተዪለት። ከጥቅሱ ውጪ አንቺ ስትተርኪ ግን «አባቱ ተቆጥተዋል» በይ፣ እሱ ያንቺ አክብሮት ነው።

በነገርሽ ላይ መንዝ በኩል ወጣ ስትዪ «ከቤት» ለማለት «ተቤት» ሚልሽ ሰው ካገኘሽ እሱ ያራዳ ቋንቋ አይደለም፣ ያገር አነጋገር ነው፣ ለዜና ከቤት አድርጊው፣ ስለ ሰውዬው ህይወት ሰፋ ያለ ጽሁፍ ከሆነ ግን እኔ አልነካውም።

ደውለሽ ካላገኘሽውስ? ያኔ ጥቅሱን ተዪውና በራስሽ ቃል ተርኪው፣ ምክንያቱም ጥቅስ ምልክቱ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ የሱ ነው፣ ያላለውን ልታስዪው አትችይም። እዚህ ጋ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ገንዘቤን» ሲል የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ አንቺ ስትተርኪ ወደ «ገንዘቡን» ይዞራል፣ «ጓደኛው ገንዘቡን ይዞ እንደሄደ ይናገራል» ካልሽ ጓደኛየው የራሱን ገንዘብ ይዞ ሄደ ተብሎም ይነበባል፣ ታዲያ ምኑ ነው ወንጀሉ? «በት»ን ጨምሪባት፦ «ጓደኛው ሥራ አለ ብሎ ገንዘቡን ይዞበት እንደጠፋ ይናገራል።» ያቺ «በት» ብሩ የማን እንደነበረም፣ ማን እንደተጎዳም ትናገራለች፣ ተቀበለው ነጠቀው ሚለውን ሳትወስኚ።