ጥያቄና መልስ፦ ሌሊት ብቻ የሚወድቅ ፍተሻ

«ፍተሻዎቻችን የኮዱን መስመር ሁሉ፣ 100 በመቶ፣ ማስኬድ አለባቸው?»

የለባቸውም። ፍተሻው መስመሩን ማስኬዱ ውጤቱ ትክክል መሆኑን አያሳይም።

«የቡና መረከቢያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ፍተሻዎቻችን 400 ደርሰዋል፤ አለቃችንም በቁጥሩ ይኮራል። ግን ሁሉንም አብረን ስናስሮጣቸው ከሦስት ጊዜ አንዴ ሩጫው ቀይ ይሆናል፣ ማለትም ይወድቃል፤ ስንደግመው ያልፋል። ምን ይሻላል?» ፕሮግራመር፣ ከጅማ

ኮዱ ሳይነካ አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ ፍተሻ ወላዋይ ይባላል። እያንዳንዱ ፍተሻ ከ1,000 ጊዜ አንዴ ብቻ ይወላውላል እንበል። ለብቻው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። 400ዎቹ በአንድ ሩጫ ሁሉም ማለፍ ሲኖርባቸው ግን የማለፍ ዕድላቸው ይህ ነው፦

```
0.999^400 ≈ 0.67
```

ከሦስት አንዱ ሩጫ የሚወድቀው ለዚህ ነው። አለቃዎ በዚሁ ጥራት ሌላ 400 ቢያስጨምሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሩጫ ይወድቃል። የሚኮሩበት ቁጥር ሲያድግ ችግሩም አብሮ ያድጋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መድገሙ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ቡድን ውስጥ የደረሰኙን ቀን የሚመረምር አንድ ፍተሻ ነበረን። አንዳንድ ሌሊት ይወድቃል፣ ጠዋት ስንደግመው ያልፋል። «ወላዋይ ነው» ብለን ተውነው። ለካ ኮዱ ቀኑን የሚወስደው ከዓለም አቀፉ ሰዓት ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ኮዱ አሁንም ትናንት ላይ ነበር። የእሸት ቡና ወቅት ሲደርስ ሚዛኑ እስከ ሌሊት ይሠራል። ዋጋ በተቀየረበት ዕለት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የመዘኑ ገበሬዎች በትናንቱ ዋጋ ተከፈላቸው። ፍተሻው እውነቱን ሲነግረን ነበር የከረመው፤ ዝም ያሰኘነው እኛ ነን።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሰርቨሩ ያልተነካውን ኮድ ሌትና ቀን፣ በየሰዓቱ ደጋግሞ ይፈትሽ። ቀን ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 20 ጊዜ መድገም የእኛን ስህተት በፍጹም አያገኘውም ነበር። ከዚያ የትኛው ፍተሻ እንደወላወለና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይመዝግቡ። ውድቀቱ በተወሰነ ሰዓት ላይ ከተከማቸ ሰዓቱን ይጠርጥሩ። ፍተሻው ብቻውን እያለፈ ከሌሎች ጋር ሲሮጥ ከወደቀ፣ የጋራ መረጃ እየተነካካ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ወላዋዩን ከዋናው ሩጫ ለይተው ያስቀምጡት፤ ነገር ግን ኃላፊና ቀነ ገደብ ይኑረው። ያለ ባለቤት የተለየ ፍተሻ ተረስቶ ይቀራል።

«ባለፈው ወር 12 ስህተት ተገኘ፤ 3ቱን የነገሩን ደንበኞች ናቸው። መጥፎ ነው?»

ያመለጠው 3 ከ12፣ ማለትም 25 በመቶ ነው። በአንድ ወር ግን አይፍረዱ፤ አንድ ስህተት ቢጨመር ወይም ቢቀነስ መቶኛው ብዙ ይለወጣል። የሦስት ወሩን አንድ ላይ ይዩት፤ እያንዳንዱንም ስህተት ደንበኛው በነገራችሁ ወር ሳይሆን ስህተቱ በገባበት የሶፍትዌር እትም ሥር ይቁጠሩት። ደንበኛ ዝም ሲል መጠኑ እንደሚወርድም ያስቡ፤ ገበሬው ደረሰኙን ባያነብ ኖሮ የእኛ ስህተት «አላመለጠም» ይባል ነበር። ለ3ቱም «የትኛው ፍተሻ ሊይዘው ይገባ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። እኛ ይህን ስንጠይቅ መልሱ ጠዋት ጠዋት የምንደግመው ያው ፍተሻ ሆኖ ተገኘ።

«ፍተሻችን 38 ደቂቃ ይፈጃል። ፈጣን ኮምፒውተር እንግዛ?»

መጀመሪያ በትክክል ይለኩ። ሰዓቱ የሚጀምረው ፕሮግራመሩ ኮዱን ሲልክ ነው፤ የሚቆመው የሚታመን መልስ ሲያገኝ ነው። ወረፋውም ድጋሚውም ይቆጠራል። ከሦስት አንዱ ሩጫ በከንቱ የሚወድቅ ከሆነ፣ አንድ አረንጓዴ ለማግኘት በአማካይ አንድ ተኩል ሩጫ ያስፈልጋል፤ 38ቱ ደቂቃ ወደ 57 ይጠጋል። ወላዋዮቹን ማስተካከል ብቻውን 19 ደቂቃ ይመልስልዎታል፣ ያውም ያለ ግዢ። ከዚያ በኋላም ካስፈለገ ስለ ኮምፒውተሩ ዓይነት የሚጠግንላችሁን ባለሙያ ያማክሩ።

«ሦስቱም ቁጥሮቻችን፦ በከንቱ የሚወድቀው ሩጫ፣ ያመለጠው ስህተትና መልስ የምንጠብቅበት ጊዜ፣ ጥሩ ናቸው። የክፍያ ክፍሉን ለሕዝብ ልንከፍተው ነው፤ በቂ ነው?»

በቂ አይደለም! እነዚህ ቁጥሮች ሆን ብሎ የሚሰብር ሰው ስለሚያደርገው ነገር ምንም አይናገሩም። ገንዘብ የዘረፈ ሌባ ስህተቱን ደውሎ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ያመለጠው መጠን ዜሮ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ ሊራቆት ይችላል። የሳይበር ደህንነት ባለሙያ ሳይመረምረው አትክፈቱት። ቀኑ የግድ ከሆነ የክፍያውን ክፍል አስቀርታችሁ ሌላውን ክፈቱ።