ለሱሉልታ ውርጭና ለአፋር ሐሩር ስንት ዓይነት ዘይት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ቱኬዲ ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ፤ 2.5 ናፍጣ፣ ባለ ተርቦ፣ 210 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ። በወር ሁለት ጊዜ ዕቃ ጭኜ ሰመራ ደርሼ እመለሳለሁ፤ መጨረሻው 40 ኪሎ ሜትር ያህል አቧራማ ፒስታ ነው። ዘይቱ 20/50 ነው። ከኅዳር ወዲህ ጠዋት ሳስነሳው የዘይት መብራቱ አራት አምስት ሴኮንድ በርቶ ይቆያል፣ ሞተሩም ይንኳኳል። ዘይት ሻጩ ለአፋር ሙቀትና አቧራ ከ50 እንዳትወርድ ይለኛል። በየጉዞው ልቀይር ወይስ ለሁለቱም የሚሆን አለ?»

መልስ፦ በየጉዞው መቀየር አያስፈልግም። ለእርስዎ መኪና 15/40 ዓመቱን ሙሉ ይሆናል፤ ጣሳው ላይ ሲአይ-4 የሚል ደረጃ የተጻፈበት የናፍጣ ሞተር ዘይት ይሁን። ሻጩ ስለ ሙቀቱ የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ስለ አቧራው የሚለው ግን ስህተት ነው፤ ወፍራም ዘይት አቧራን አይከላከልም፣ እንዲያውም በእርስዎ ሁኔታ ያባብሰዋል። ምክንያቱን ከጠዋቱ ልጀምር።

20/50 ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጣሳው ላይ ከደብሊው ፊደል በፊት ያለው 20 ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ሁለተኛው 50 ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞላ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ነው። ስለዚህ ጠዋት ላይ የሚያስቸግርዎት የፊተኛው ቁጥር ነው፣ አፋር ላይ የሚሠራው የኋለኛው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ «ወፍራም» ወይም «ቀጭን» ብሎ ስለሚያልፈው ነው ምክሩ የሚምታታው።

ሱሉልታ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ያደረ ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት 3 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል እንበል። በዚያ ቅዝቃዜ ተራ 20/50 ከተራ 15/40 ጋር ሲነጻጸር ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ፓምፑ ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቋት ስቦ እስከ ላይኛው የቫልቭ ክፍልና እስከ ተርቦው ለማድረስ ያን ያህል ይዘገያል፤ የሚሰሙት መንኳኳት ዘይት ገና ያልደረሰበት ብረት ድምፅ ነው። ተርቦው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ብቻ ነው።

ብዙም የማይወራለት ሌላ ጉዳት አለ። የዘይት ፊልትሮ መስመር ላይ ማለፊያ ቫልቭ አለ፤ ፊልትሮው ሲደፈን ወይም ዘይቱ ወፍሮ በወረቀቱ ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱን ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ይሰደዋል። ሞተር ከሚደርቅ ያልተጣራ ዘይት ይሻላል ተብሎ የተሠራ ነው። ነገር ግን በየብርዱ ጠዋት ከባድ ዘይት ይዘው ሲያስነሱ ይህ ቫልቭ ለረጅም ጊዜ ክፍት ይሆናል። ከፒስታው ይዘውት የመጡት ትቢያ ፊልትሮውን ሳያይ የክራንክ ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚና ውስጥ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው። ሻጩ ለአቧራ ብሎ የሰጠዎት ዘይት አቧራውን ያዞርልዎታል ማለት ነው።

መብራቱ ግን ከዘይቱ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከመደምደምዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ጥሩ ፊልትሮ ውስጥ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ ወደ ቋት እንዳይወርድ የሚይዝ የጎማ ክዳን አለ። በርካሽ ፊልትሮዎች ላይ ይህ ጎማ ወይ የለም ወይ ቶሎ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ሌሊቱን ፊልትሮው ይራቆትና ጠዋት እንደገና እስኪሞላ መብራቱ በርቶ ይቆያል። እርስዎ ሁለት አየር ውስጥ ስለሚያድሩ ለመለየት ምቹ ነው። ሰመራ ሲያድሩ ጠዋት ሳያሞቁ ያስነሱትና ሴኮንዱን ይቁጠሩ። እዚያ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ከጠፋና ሱሉልታ ላይ ብቻ ከዘገየ ጥፋቱ የዘይቱ ክብደት ነው። እዚያም በሞቃቱ አየር አራት አምስት ሴኮንድ ከቆየ ፊልትሮውን ይጠርጥሩ፤ ግሬድ ቢቀይሩም አይለቅዎትም።

ወደ ሙቀቱ ስንሄድ፣ አየሩ ከሱሉልታ ጠዋት በ40 ዲግሪ ስለበለጠ የሞተሩ ዘይት በ40 ዲግሪ ይበልጣል ማለት አይደለም። ቴርሞስታቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ተከፍቶ የውሃውን ሙቀት ስለሚቆጣጠር፣ ራዲያተሩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ሞተሩ የትም ቦታ ቢሄድ ከሞላ ጎደል ያንኑ ሙቀት ይዞ ይሠራል። ዘይቱ ከውሃው ጥቂት ከፍ ይላል፤ ጭነት ሲበዛ ደግሞ 110ና 120 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ይህ የሚሆነው በአፋር ሜዳ ላይ ሲነዱ ሳይሆን ተጭነው ዳገት ሲወጡ ነው፣ በተለይ ከአዋሽ ወዲህ ወደ ከፍታው ሲመለሱ። በ120 ዲግሪ ጤነኛ 15/40 የሚቀረው ውፍረት አሁንም ለዚህ ሞተር በቂ ነው። የ30 ግሬድ ቢሆን ኖሮ፣ ጭነት ካለ አልመክርዎትም ነበር። 50 ትንሽ ተጨማሪ መጠባበቂያ ይሰጣል፣ ዋጋውን ግን በየጠዋቱ ይከፍሉታል። ከዘይቱ ይልቅ የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ እንደሆነ ማየት ለሙቀቱ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውሃ ማጠብ ነው፣ ግፊቱ ክንፎቹን እንዳያጣምም።

ዳገቱን ጨርሰው ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይተዉት፤ አለበለዚያ ተርቦው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ጠዋትም የካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ ከተነሳ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነዳጅ ሳይረግጡ ይተዉትና ቀስ ብለው ይንዱ። ቆሞ ሩብ ሰዓት ማሞቅ ናፍጣ ማባከን ነው።

አቧራውን የሚያቆመው የአየር ፊልትሮው ነው። ዘይት ውስጥ የሚገባው ትቢያ በአብዛኛው በአየር መስመር ገብቶ በፒስተኑ ፋሻዎች በኩል የሚወርድ ነው። ትቢያው ድንጋይ ነው፤ በብረቱና በብረቱ መካከል ካለው የዘይት ሽፋን ስለሚወፍር 40 ሆነ 50 ያው ይፍቀዋል። ስለዚህ ከጉዞ ሲመለሱ ከፊልትሮው ቀጥሎ ወደ ተርቦው የሚሄደውን ቱቦ ፈትተው ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ ላይ ቀይ ወይም ግራጫ ትቢያ ከወጣ አየር ሳይጣራ እየገባ ነው፤ ወይ ፋሼታው ላልቷል፣ ወይ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ ፊልትሮው ከቤቱ ጋር አልገጠመም። ቀጭን የዘይት እርጥበት ብቻ ከታየ ብዙ አያስጨንቅም። የፊልትሮ ቤቱ ላይ ትቢያ ማስወጫ ጎማ ካለ አለመጥፋቱንና አፉ አለመደፈኑን ይዩ። ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር ሲያስነፉ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት፣ አፈሙዙን አራቅ አድርገው ነው። መኪና አጣቢዎች ሙሉ ግፊት አስጠግተው ወረቀቱን ይበሱታል፤ ከነፉ በኋላ በባትሪ መብራት ከውስጥ እያበሩ ይመልከቱት፣ ነጥብ ብርሃን ካሳየ ይጣሉት። ፒስታው ዳር ቆመው በነፋስ ዘይት አይጨምሩ፤ ግድ ከሆነ መጀመሪያ የመሙያውን ክዳን ዙሪያ ይጥረጉ።

አቧራ የሚቀይረው የመቀየሪያ ጊዜውን ነው። አስፋልት ላይ ብቻ ቢነዱ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚሉት፣ ከዚህ ፒስታ ጋር 4,000 ላይ ይሁን። ሰመራ ደርሶ መመለስ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሦስት ጉዞ በኋላ መቀየር ነው፤ ዘይቱ ቢጠቁርም ባይጠቁርም። ናፍጣ ዘይት በጥቂት ቀን ይጠቁራል፣ ቀለሙን አይቁጠሩት።

ለመቀየር 5 ሊትርና ሁለት ባለ 1 ሊትር ይግዙ፤ ሞተሩ ከፊልትሮ ጋር ወደ 7 ሊትር ይይዛል። ከቤት ሲደርሱ ዘይቱ ሙቅ እያለ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈትተው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይንጠባጠብ። የቡሎኑን ሮንደላ ይቀይሩ፤ አሮጌውን እየደጋገሙ ማጥበቅ የቋቱን ጥርስ ይበላል። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ በእጅ ይዳስሱ። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት ቀብተው ፊልትሮውን በእጅ እስኪነካ ያዙሩ፤ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ። መጀመሪያ 6 ሊትር ተኩል ይጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ያስነሱ፣ አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁና መለኪያውን እያዩ የቀረውን ይሙሉ። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍ ከማጉደል አይሻልም።

ወደ 50 የመመለስ ጉዳይ የሚነሳው በአንድ ሁኔታ ነው። 15/40 ካደረጉ በኋላ ሰመራ ላይ ወይም ዳገት እንደጨረሱ፣ ሞተሩ እንደጋለ በዝቅተኛ ዙር የዘይት መብራቱ ብልጭ ካለ፣ መካኒክ የመብራቱን ስዊች አውጥቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይሰር። ሞተሩ ግሎ በ3,000 ዙር ከ2.5 ባር በታች ካሳየ ብሮንዚናው ወይም ፓምፑ ተበልቷል። ያን ጊዜ 20/50 ሞተሩ እስኪከፈት ድረስ ጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። ግፊቱ ደህና ሆኖ መብራቱ ከበራ ደግሞ ራሱን ስዊቹን ይጠርጥሩ።