በባዶው የሚሽከረከር የቧንቧ እጀታ

«የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እጀታ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ውሃ ግን አይመጣም። ሙሉውን ልቀይረው?»

አይቸኩሉ። እጀታው አናት ላይ ያለችውን ክዳን በቢላዋ ጫፍ አንስተው ብሎኑን ያጥብቁት። ጥርሱ ተበልቶ አልጠብቅ ካለ ብሎኑን ብቻ ይለውጡ። ጠብቆም እጀታው በባዶው ከዞረ ግን ፈትተው እጀታውን ይሳቡትና ዘንጉን በጨርቅ ሸፍነው በፒንሳ ቀስ ብለው ያዙሩት። ውሃ ከመጣ የውስጡ ክፍል ደህና ነው።

አሁን የዘንጉን ጥርሶች በጣትዎ ይዳስሱ። ስል ከሆኑ ያለቀው እጀታው ነው። የእኔም እንዲሁ ነበር፤ የፕላስቲኩ ቀዳዳ ተፍቆ ክብ ሆኖ ነበር፣ እጀታ ብቻ ገዛሁ። ጥርሶቹ ከለሰለሱ ግን አዲስ እጀታም አይይዝም፤ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግተው ዘንጉን ከነውስጡ ይለውጡ። የጥርሱ ብዛትና ውፍረቱ ስለሚለያይ አሮጌውን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ።