የተጋደመ ፊትና የቆመ ፊት፤ አንዷ ; ሦስት ቦታ ላይ

«ከውጭ ሰዎች ጋር በጽሑፍ ስንሠራ :-P ፣ D: ፣ (^_^;) እና m(_ _)m የሚሉ ነገሮች ይመጡልኛል። ለእኔ ነጥብና ቅንፍ ብቻ ናቸው። ፊቱ የቱ ጋ ነው? ጭንቅላቴን ወዴት ላዘንብል?»

እህቴ፣ የጻፍሻቸው አራቱ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። ሁሉንም በአንድ መንገድ ለማንበብ ስትሞክሪ ነው ግራ የሚያጋቡሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተጋደሙ ፊቶች ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ቀጥ ብለው የቆሙ። እኔ ሁለቱንም ከሚጽፉ ሰዎች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ እስከ ዛሬም መጀመሪያ የምፈልገው ዓይኖቹን ነው። ሁለቱ ዓይኖች እንደ : አንዱ ከአንዱ በላይ ከሆኑ ፊቱ ተጋድሟል። እንደ ^_^ ግራና ቀኝ ሆነው መሐላቸው አፍ ካለ ፊቱ ቆሟል፤ ጭንቅላትሽን አታዘንብዪ።

የተጋደመው ፊት መቼ እንደተጀመረ በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1982 በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ፣ ስኮት ፋልማን የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር በውስጥ የመልእክት ሰሌዳቸው ላይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ቀልድ የሆነውን በ :-) ፣ ቀልድ ያልሆነውን በ :-( እንለየው አሉ። አንዱ ሲቀልድ ሌላው የምሩን እየመሰለው ክርክር ይነሳ ነበርና ነው። ወደ ጎን አድርጋችሁ አንብቡት የሚለውን ማሳሰቢያም አብረው ጻፉ።

አነባበቡ ይህ ነው፦ ጭንቅላትሽን ወደ ግራ ትከሻሽ አዘንብዪ። ያኔ : ዓይን፣ - አፍንጫ፣ ) ደግሞ ፈገግ ያለ አፍ ይሆናል። አፍንጫውን ብዙ ሰው ይተወዋል፤ :) እና :-) ልዩነት የላቸውም። ስሜቱ ያለው አፉ ላይ ነው። ያንቺው :-P ምላሱን ያወጣ ነው፣ P ፊደል ላይ የወጣችው ጉብታ ምላሷ ናት፤ ሲያሾፉ ወይም ሲቀልዱ ይጽፉታል። :-/ አፉን ያጣመመ፣ ነገሩ ያልተዋጠለት ሰው ነው። :-O ደንግጦ አፉን ከፍቷል።

D: ላይ ግን ትንሽ ቆም በዪ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይህን ከ :D ጎን አስቀምጪው።

```
:D
D:
```

ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ስሜታቸው ግን ተቃራኒ ነው። በ :D ዓይኖቹ በግራ ስለሆኑ ወደ ግራ ታዘነብያለሽ፤ የ D ቀጥ ያለው መስመር ላይኛው ከንፈር፣ ክቡ ደግሞ ወደ ታች የወረደ አገጭ ይሆናል፤ ከልቡ የሚስቅ ሰው ነው። በ D: ዓይኖቹ በቀኝ ናቸውና ወደ ቀኝ ትከሻሽ አዘንብዪ። አሁን ክቡ ወደ ላይ፣ ቀጥ ያለው መስመር ወደ ታች ሆነ፤ «ውይ!» ብሎ የደነገጠ አፍ ነው። ፋይሉ ጠፋ ብለሽ ጽፈሽ D: ከተመለሰልሽ እየሳቁብሽ አይደለም፤ አብረውሽ ደንግጠዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ ጭንቅላትሽ ሁልጊዜ ዓይኖቹ ወዳሉበት ወገን ይዘነበላል።

የቆመው ፊት ካኦሞጂ ይባላል፤ በጃፓንኛ «ካኦ» ፊት፣ «ሞጂ» ፊደል ማለት ነው። (^_^) እ.ኤ.አ. በ1986 ገደማ በጃፓን የኮምፒውተር መልእክት መረብ ላይ መታየት ጀመረ። ቅንፎቹ የፊቱ ዳርና ዳር እንጂ አፍ አይደሉም፤ ይህን አንዴ ከያዝሽ ግማሹ ተፈታልሽ። እዚህ ስሜቱን የሚሸከመው ዓይን ነው፤ አፉ ብዙ ጊዜ ያው _ ሆኖ ይቀራል።

```
(^_^)   (T_T)   (-_-)   (>_<)
```

የመጀመሪያው ሲስቅ ጉንጩ ዓይኑን ወደ ላይ ገፍቶታል። በሁለተኛው የ T እግር የሚወርድ እንባ ነው። ሦስተኛው ዓይኑን ከድኗል፤ ደክሞት ወይም ሰልችቶት። አራተኛው አሞት ወይም አፍሮ ዓይኑን ጨፍኗል። አራቱም ላይ አፉ ያው መሆኑን ልብ በዪ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የማሳኪ ዩኪና ባልደረቦቻቸው ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ስሜትን ሲያነቡ ጃፓናውያን ይበልጥ ዓይንን፣ አሜሪካውያን ይበልጥ አፍን እንደሚያዩ አሳይቷል።

አሁን ወደ (^_^;) ልምጣ። ይህቺን በስህተት ተምሬያታለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ጃፓናዊ ነበር፤ የሠንጠረዡ ሥራ ዓርብ ይደርሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አዎ፣ እሞክራለሁ (^_^;)» አለኝ። ; ማለት ጥቅሻ እንደሆነ ከ ;-) ስለማውቅ፣ ፈገግ ብሎ ጠቀሰኝ፣ አለቀ ማለት ነው ብዬ ለሌሎቹም ዓርብ እንደሚደርስ ነገርኳቸው። ዓርብ ምንም አልመጣም። ወደ መልእክቱ ተመልሼ ሳየው ግን ነግሮኝ ነበር። ያቺ ; ያለችው በዓይን ቦታ ሳይሆን ከዓይኑ ውጪ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ነው። የላብ ጠብታ ናት። ሰውየው ፈገግ ያለው ተጨንቆ ነበር፤ «አይደርስም» ማለት ከብዶት በጠብታዋ ነገረኝ።

ስለዚህ ; ባየሽ ቁጥር የት እንደተቀመጠች እዪ።

```
;-)     (;_;)     (^_^;)
```

በተጋደመው ፊት ዓይን ሆና ስትመጣ አንዱ ዓይን ተጨፍኗልና ጥቅሻ ናት። በቆመው ፊት በሁለቱም ዓይኖች ቦታ ስትገባ ነጥቧ ዓይን፣ ጭራዋ እንባ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው። ከዓይን ውጪ ለብቻዋ ስትንጠለጠል ላብ ናት፤ ኀፍረት፣ ጭንቀት ወይም ይሉኝታ። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣልሽ ቃሉ «አዎ» ቢልም «ቀኑን ብንገፋው ይሻልሃል?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አላልፍም።

m(_ _)m ውስጥ አፍ የለም፤ አትፈልጊው። ሁለቱ _ _ ወደ መሬት ያቀረቀሩ ዓይኖች ናቸው፤ ግራና ቀኝ ያሉት m ፊደሎች ደግሞ መሬት ላይ የተዘረጉ እጆች፣ የ m እግሮች ጣቶቹ። ሰውየው ፊት ለፊትሽ ተንበርክኮ እጅ እየነሳ ነው። ለይቅርታም፣ ለልመናም፣ ለምስጋናም ያው አንዱ ስለሚጻፍ የትኛው እንደሆነ የምትለዪው ከፊቱ ባለው ዓረፍተ ነገር ነው። ከቀረበ ጥያቄ በኋላ ከመጣ «እባክሽ» ነው፤ ከዘገየ ሥራ በኋላ ከመጣ «ይቅርታ»።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊቱ የጎደለ ከመሰለሽ ምናልባት የጎዳው ፕሮግራሙ ነው። ትከሻውን የሚነቀንቀው «እኔ ምን አውቃለሁ» ባይ ብዙ ጊዜ አንድ እጁን አጥቶ ይደርሳል፤ ጽሑፍን በምልክቶች በሚያስጌጠው በማርክዳውን የሚሠሩ የጽሑፍ ሳጥኖች \ የምትለዋን እንደ ትእዛዝ ቆጥረው ይውጧታልና። ከላይ የደረሰሽ፣ ከታች የተላከው ነው።

```
¯_(ツ)_/¯
¯\_(ツ)_/¯
```

መሐል ያለው ፊት የጃፓንኛ ፊደል ነው፣ «ጹ» ተብሎ ይነበባል፤ እዚህ ግን ሁለት ዓይንና ፈገግታ ስለሚመስል ብቻ ነው የገባው። የቆሙ ፊቶች ብዙዎቹ ግራና ቀኛቸው ስለሚመጣጠን፣ በአንዱ ወገን ያለ እጅ በሌላው ከሌለ መጀመሪያ ተውጦ እንደሆነ ጠርጥሪ።