583 ብር ጠብቄ 346 ብር ገባልኝ

ጥያቄ፦ ሰኔ 4 ቀን በቁጠባ ሒሳቤ ላይ 80 ሺህ ብር ጨምሬ 100 ሺህ አደረስኩት። ወለዱ 7 በመቶ ነው ተብያለሁ። ሰኔ 23 ቀን የገባልኝ ግን 346 ብር ከ16 ሳንቲም ነው። በእኔ ስሌት 583 ብር መሆን ነበረበት። ባንኩ ቀሪውን የት አደረሰው?
ዓሣ ነጋዴ፣ ከአሞራ ገደል፣ ሐዋሳ

መልስ፦ የትም አላደረሰውም። የላኩልኝን የሒሳብ መግለጫ ቀን በቀን አየሁት፤ ባንኩ ልክ ነው። እርስዎ 100 ሺህ ብርን በ7 በመቶ አባዝተው ለ12 ወር አካፈሉ፤ ከዚያ ነው 583 የመጣው። ይህ ስሌት የሚሠራው 100 ሺህ ብሩ ወሩን ሙሉ ሳይነካ ቢያድር ነበር። የእርስዎ ባንክ ግን ወለድ የሚያስበው በየዕለቱ ሒሳቡ ላይ ባደረው ገንዘብ ነው።

የባንክ ወር የሚቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ የእርስዎ ወር ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ያሉት 30 ቀናት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ሒሳብዎ ውስጥ የነበረው 20 ሺህ ብር ብቻ ነው። ከሰኔ 4 እስከ ሰኔ 18 ለ15 ቀናት 100 ሺህ አደረ። ሰኔ 19 ቀን 60 ሺህ አውጥተዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 5 ቀናት ያደረው 40 ሺህ ነው። በደብዳቤዎ ላይ ይህን ወጪ አልጠቀሱትም፤ መግለጫው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እንግዲህ እያንዳንዱን ገንዘብ ባደረበት ቀን ብዛት እናባዛው። 20 ሺህ በ10 ቀን 200 ሺህ፣ 100 ሺህ በ15 ቀን አንድ ሚሊዮን ተኩል፣ 40 ሺህ በ5 ቀን 200 ሺህ ይሆናል። ድምሩ 1,900,000 ነው። ይህን በ7 በመቶ አባዝተው ለ365 ቀናት ሲያካፍሉት 364 ብር ከ38 ሳንቲም ያገኛሉ። መግለጫዎ ላይ ከወለዱ ሥር የተቀነሰችው 18 ብር ከ22 ሳንቲም ደግሞ የወለድ ገቢ ግብር ናት፤ ከወለዱ 5 በመቶ ማለት ነው። ቀሪው 346 ብር ከ16 ሳንቲም ነው።

በነገራችን ላይ ግብሩ የሚነካው ወለዱን እንጂ ያስቀመጡትን ገንዘብ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ቅናሽ የባንክ አገልግሎት ክፍያ እየመሰለው ገንዘብ ከፋይዋ ላይ ይቆጣል፤ እሷ ግን አንዲት ሳንቲም አልወሰደችም።

ጥያቄ፦ ከ120 ሺህ ብር ላይ 100 ሺሁን ለአንድ ሌሊት ብቻ አውጥቼ በማግስቱ ጠዋት መለስኩ። የወሩ ወለድ 110 ብር ከ84 ሳንቲም ሆነ። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ይጠፋል?
የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ከአሮጌ ገበያ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ በዕለታዊ ስሌት ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር። 100 ሺህ ብር ለአንድ ቀን የሚያመጣው ወለድ 19 ብር ገደማ ነው፤ የሚቀርብዎትም ይኸው ነበር። የእርስዎ ሒሳብ ግን በሌላ ደንብ የሚታሰብ ይመስላል፤ በወሩ ውስጥ ሒሳቡ ዝቅ ባለበት ቀን ላይ በተገኘው ገንዘብ ብቻ ወለድ የሚያስብ ደንብ አለ።

ይህን ከቤትዎ ሳይወጡ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ከገባልዎ ገንዘብ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። 110 ብር ከ84 ሳንቲምን ለ0.95 ቢያካፍሉ ግብር ሳይቀነስ የነበረው 116 ብር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። ያንን በ12 አባዝተው ለ0.07 ሲያካፍሉ 20 ሺህ ብር ገደማ ያገኛሉ። 20 ሺህ ደግሞ በዚያች ሌሊት የቀረችው ገንዘብ ናት። 29 ቀን ሙሉ ያደረው 120 ሺህ ከቁጥር አልገባም።

በእኔ እምነት ይህ ደንብ ገንዘቡን ለሚያንቀሳቅስ ነጋዴ የማይመች ነው፤ ገንዘቡን አስቀምጦ ለማይነካ ሰው ግን ልዩነት የለውም። ወጪ ገቢ የሚበዛበትን ገንዘብ በሌላ ሒሳብ ያድርጉት፤ ወይም ዕለታዊ ስሌት ያለው የቁጠባ ዓይነት እንዳለ ቅርንጫፉን ይጠይቁ። ገንዘቡን ማውጣት ግድ ቢሆን እንኳ ወጪውና ተመላሹ በአንድ የባንክ ወር ውስጥ እንዲወድቁ ያድርጉ። ወሩ ሊያልቅ ሲል አውጥተው ወሩ ከገባ በኋላ ቢመልሱ የሁለቱንም ወራት ወለድ ያጣሉ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ሒሳቤ ለአሥር ቀን ያህል 30 ብር ብቻ ነበረበት፤ ከዚያ ቤተሰብ 5 ሺህ ላከልኝ። ወለድ የሚባል ነገር አላየሁም።
ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ

መልስ፦ ባንኩ ወለድ ለማሰብ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ቀሪ ሒሳብ ይኖራል፤ መጠኑ ከባንክ ባንክ ይለያያል። 50 ብር ነው ብንል፣ ዕለታዊ ስሌት ባለበት ባንክ ወለድ የሚያጡት ለእነዚያ አሥር ቀናት ብቻ ነው። በዝቅተኛው ቀን የሚያስብ ባንክ ከሆነ ግን ወሩ በሙሉ ይሄዳል። ምንም ወለድ አለማየትዎ ሁለተኛውን ያስጠረጥራል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ በየወሩ ሳይሆን በስድስት ወር አንዴ ወለድ የሚያስገባ የሒሳብ ዓይነት ከሆነ ገና ሰዓቱ አልደረሰም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የጳጉሜን ቀናት ወለድ ይበላሉ?

መልስ፦ አይበሉም። ጳጉሜን በአውሮፓው መስከረም መጀመሪያ ላይ ትወድቃለች፤ ቀኖቿም እንደ ማንኛውም ቀን ይቆጠራሉ። በዚያው ምክንያት ወለድ የሚገባው በእኛ ወር መጨረሻ አይደለም፤ የሐምሌ ወለድን ሐምሌ 30 የሚጠብቅ ሰው ሐምሌ 24 ገብቶ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ሒሳቤ የተከፈተው ከወለድ ነፃ በሚባለው መስኮት ነው። ጓደኛዬ ወለድ ሲያገኝ እኔ ለምን አላገኝም?
ከመናኸሪያ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ በሸሪዓ ሕግ የሚሠራ ሒሳብ ነው፤ በአደራ መልክ ተቀምጦ ከሆነ ወለድም ትርፍም አይጠበቅበትም። ትርፍ የሚካፈለው ሙዳረባ የሚባለው ነው፤ እሱም ላስቀመጡት ገንዘብ ቀድሞ የተወሰነ የትርፍ መቶኛ የለውም። ሒሳቡን ሲከፍቱ የፈረሙት ቅጽ ላይ የትኛው እንደሆነ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ ቅርንጫፉ ሄጄ ምን ልጠይቅ? ሁልጊዜ “ሲስተሙ ነው የሚያስበው” ይሉኛል።

መልስ፦ ሲስተሙ የሚያስበው በተሰጠው ደንብ ነው፤ ደንቡን የመጠየቅ መብት አለዎት። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ወለዱ የሚታሰበው በዕለታዊ ቀሪ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ፣ ወለድ የማይታሰብበት ወለል ስንት ነው፣ ከወለዱ ላይ ግብር ስንት በመቶ ተቀነሰ? ከዚያ የወሩን የሒሳብ መግለጫ አሳትመው ከላይ እንዳደረግነው ያባዙ። ልዩነቱ የሳንቲሞች ከሆነ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው፤ ይተዉት። በብር ከተለያየ ስሌትዎን በወረቀት ጽፈው፣ መግለጫውን አያይዘው ለሥራ አስኪያጁ ያቅርቡና ቀን ያለበት መቀበያ ያስፈርሙ።